ፕሌት ከመውጣቱ በፊት፦ የምረቃ መጽሔትን ቀን፣ ፎቶና ፊደል ለመጨረሻ ጊዜ እንዴት እናጣራለን?

ሰኔ ሲገባ ሀዋሳ ውስጥ ዲዛይን የሚሠራ ሰው ፋታ የለውም። ኮሌጁም ትምህርት ቤቱም የምረቃ መጽሔት ያዛል። ሁሉም የሚፈልገው ደግሞ በአንድ ሰሞን ነው። እኔ ፒያሳ አካባቢ ባለች ትንሽ ቢሮ ውስጥ በዚህ ሥራ ላይ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ዲዛይኑ አይደለም። ፋይሉ አልቆ፣ ደንበኛው «በቃ ይታተም» ካለ በኋላ፣ ፕሌት፣ ማለትም ማሽኑ ላይ የሚገጠመው የማተሚያ ሳህን፣ ከመውጣቱ በፊት ስላለችው አንድ ቀን ነው።

ምሳሌ የማደርገው በ2017 ዓ.ም የሠራነውን አንድ መጽሔት ነው። 24 ገጽ፣ 132 ተመራቂ፣ 500 ኮፒ። ፋይሉን እኔ አይቼዋለሁ፣ ዲዛይነሩ አይቶታል፣ የኮሌጁ ተወካይም አይታዋለች። ሦስታችንም «ጥሩ ነው» ብለን ነበር። ከዚያ በኋላ ሽፋኑ ላይ የተሳሳተ ቀን ተገኘ። ገጽ 15 ላይ የሌላ ሰው ፎቶ ተገኘ። ገጽ 3 ላይ ደግሞ በትልቁ የተጻፈ የፊደል ስህተት ወጣ። እነዚህን ያገኘናቸው ዐይናችን በአንድ ሌሊት ስለተሳለ አይደለም። አነባበባችንን ስለቀየርን ነው።

ከማንበብ በፊት

መጀመሪያ ጽሑፉን እንዘጋዋለን። ከዚህ በኋላ «አንድ መልእክት ልጨምር» የሚል ሰው ካለ ማጣራቱ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ይህን ለደንበኛው ቀደም ብሎ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል። እኔ ቀኑን ቆርጬ ነው የምነግራቸው፦ «ከሐሙስ ማታ በኋላ የሚመጣ ጽሑፍ አይገባም።»

ቀጥሎ ፒዲኤፍ አውጥተን በወረቀት እናትመዋለን። ተራ የቢሮ ፕሪንተር ይበቃል፤ ጥቁርና ነጭም ቢሆን ችግር የለውም። ስክሪን ላይ ዐይን ይንሸራተታል። ወረቀት ላይ ግን እስክሪብቶ ይዘን፣ ማስመሪያ መስመሩ ሥር አድርገን፣ ባጣራነው ላይ ምልክት እያደረግን መሄድ እንችላለን። ፋይሉን «ፋይናል» ብላችሁ አትሰይሙት። «ፋይናል» ከተባለ በኋላ «ፋይናል አዲሱ»፣ ከዚያ «ፋይናል የመጨረሻው» ይመጣል፤ በመጨረሻ የትኛው እንደታተመ አይታወቅም። ቁጥር ስጡት፦ 1፣ 2፣ 3። ወረቀቱም ላይ ያንኑ ቁጥር ጻፉበት።

ሦስተኛው ነገር ማመሳከሪያ ነው። የምናጣራው ከትዝታችን ጋር አይደለም፣ ካለፈው ረቂቅ ጋርም አይደለም። ሦስት ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ይኑሩ። አንደኛው ከሬጅስትራር የመጣው ማህተም ያለበት የተመራቂዎች ዝርዝር ነው። ሁለተኛው ምርቃቱ መቼና የት እንደሆነ የሚናገር ደብዳቤ ነው። ሦስተኛው የተቋሙ ስም በትክክል የተጻፈበት የደብዳቤ ራስጌ ነው። እነዚህ ሳይመጡ ማጣራት መጀመር ድካም ብቻ ነው።

ከዚያ ሦስት ዙር እናነባለን። በአንደኛው ዙር ቀንና ቁጥር ብቻ፣ በሁለተኛው ፎቶ ብቻ፣ በሦስተኛው ፊደል ብቻ። ሁሉንም ባንዴ ልያዝ ያለ ሰው ጽሑፉ ይስበውና ማንበብ ይጀምራል። የዲኑን መልእክት በስሜት እያነበበ ከሥሩ ያለው ዓመት ያመልጠዋል። ቀን የሚያጣራ ሰው ግን መልእክቱን አያነብም። ቁጥር እያደነ ብቻ ያልፋል።

አንደኛ ዙር፦ ቀን

ነጭ ወረቀት ያዙ። መጽሔቱን ከሽፋን እስከ ጀርባ ሽፋን እየገለጣችሁ ያገኛችሁትን ቀን፣ ዓመት፣ ሰዓትና «ስንተኛ ዙር» የሚል ቁጥር ሁሉ ከነገጹ ጻፉ። ትክክል ነው አይደለም አትበሉ፤ ዝም ብላችሁ ልቀሙ። በዚያ መጽሔት ውስጥ፣ በየገጹ የሚደጋገመውን ግርጌ እንደ አንድ ቆጥረን፣ 19 ቦታ አገኘን። እንዲህ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው እርስ በርስ የሚጋጩት የሚታዩት።

ሽፋኑ ላይ የነበረው ይህ ነው፦ «ቅዳሜ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም»። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ጁላይ 20 ቀን 2025 ይላል። ኮሌጁ በሁለቱም አቆጣጠር ነበር የፈለገው። ዲዛይነሩ ስልኩ ላይ ባለው መቀየሪያ አየውና «ይገጥማል» አለ። እውነትም ሐምሌ 13 ጁላይ 20 ነው። ሁለቱ ቀኖች ስለተስማሙ ማንም አልጠረጠረም። የተጣላው ሦስተኛው ነገር ነበር፤ የሳምንቱ ቀን። ሐምሌ 13 ቀን 2017 እሑድ ነው እንጂ ቅዳሜ አይደለም።

ይህን ያለ ስልክም ማወቅ ይቻላል። በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም እስከ ነሐሴ ሁሉም ወር 30 ቀን ነው። ስለዚህ የወሩ መጀመሪያ ቀን በየወሩ ሁለት ቀን ብቻ ወደፊት ይሄዳል። የ2017 መስከረም 1 ረቡዕ ነበር። ጥቅምት 1 ዓርብ፣ ኅዳር 1 እሑድ፣ ታኅሣሥ 1 ማክሰኞ እያለ ይቀጥላል። ሐምሌ ከመስከረም በኋላ አሥረኛው እርምጃ ነው። አሥር ጊዜ ሁለት 20 ይሆናል። ሁለት ሙሉ ሳምንት፣ ማለትም 14 ቀን ስንቀንስ 6 ይቀራል። ከረቡዕ 6 ቀን ወደፊት ስንቆጥር ማክሰኞ ላይ እንደርሳለን። ሐምሌ 1 ማክሰኞ ከሆነ 8ም ማክሰኞ ነው፣ 12 ቅዳሜ፣ 13 እሑድ። የሚቀጥሉትን ዓመታት ለምትሠሩ፦ የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ነው፣ የ2019 ዓርብ፣ የ2020 እሑድ። ከ2019 ወደ 2020 ሁለት ቀን የዘለለው 2019 ጳጉሜን 6 ስላለው ነው።

ስህተቱን ማግኘት አንድ ነገር ነው። የቱ እንደተሳሳተ ማወቅ ሌላ ነው። ቅዳሜው ነው የተሳሳተው ወይስ 13ቱ? ይህን ዲዛይነር ገምቶ ማስተካከል የለበትም። ለኮሌጁ ተወካይ ደወልኩ።

«እህቴ፣ ይቅርታ አምሽቼ ደወልኩ። ምርቃቱ ቅዳሜ ነው እሑድ?»

«ኧረ ቅዳሜ ነው! አዳራሹን የያዝነው ለቅዳሜ ነው።»

«እሺ፣ ቀኑስ ስንት ነው?»

ዝም አለች። ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማኛል። «ቆይ… 12 ይላል ደብዳቤው። እናንተ ስንት ነው የጻፋችሁት?»

«እባክሽ ደብዳቤውን አንሺና በፎቶ ላኪልኝ።»

በስልክ የተነገረ ቀን አላስገባም። በጽሑፍ የመጣውን ብቻ ነው የማስገባው። «12» እና «22» በስልክ ይምታታሉ፤ ነገ ጥያቄ ቢነሳም የሚያሳይ ወረቀት ይኖራል።

ስህተቱ ከየት መጣ? ዲዛይነሩ የ2016ቱን ፋይል ከፍቶ ነበር የሠራው። የ2016 ሐምሌ 13 እውነትም ቅዳሜ ነበር። ዓመቱን ብቻ ቀየረና ቀኑ እንዳለ ቀረ። ይህ በጣም የተለመደ መንገድ ነው። ስለዚህ ከአምናው ፋይል የተነሳ ሥራ ሁሉ ተጨማሪ ፍለጋ ይፈልጋል። ፒዲኤፉን ከፍታችሁ Ctrl+F ተጫኑና የአምናውን ዓመት ፈልጉ። እኛ «2016» ብለን ስንፈልግ ሁለት ዓይነት ቦታ ላይ ወጣ። አንዱ የዲኑ መልእክት ውስጥ ነው፤ «በ2016 የጀመርነው ፕሮጀክት» ይላል፣ እሱ ትክክል ነው። ሌላው የገጽ ግርጌ ላይ ነበር፣ ያውም በየገጹ የሚደጋገም ግርጌ። አንዴ ተሳስቶ 20 ገጽ ላይ ይታተም ነበር።

Ctrl+F ግን ሁሉን አያይም። ሁለት ነገር ያመልጠዋል። አንደኛው በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ ዓመት ነው። ሽፋን ላይ ለጌጥ ፳፻፲፮ ተብሎ ከተጻፈ «2016» ብሎ የፈለገ ሰው አያገኘውም። ራሱን ፳፻፲፮ን ገልብጣችሁ ለብቻው ፈልጉት። ሁለተኛው በምስል ውስጥ ያለ ጽሑፍ ነው። ፎቶሾፕ ላይ ተሠርቶ እንደ ፎቶ የገባ ባነር ውስጥ «12ኛ ዙር» የሚል ካለ ለኮምፒዩተሩ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደለም። እሱን የሚይዘው ዐይን ብቻ ነው። የእኛም 13ኛ ዙር መሆን ሲገባው ባነሩ 12ኛ ይል ነበር።

ከእንግሊዝኛ ጋር ጎን ለጎን በሚጻፍ ቀን ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ሐምሌ 1 ሁልጊዜ ጁላይ 8 ነው። የመስከረም 1 ግን ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ሆኖ፣ ጳጉሜን 6 ከነበረው ዓመት ቀጥሎ 12 ይሆናል። የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ነበር፤ የ2020ም እንደዚያው ነው። ይህ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ የካቲት 21 ይቆይና ከዚያ ይስተካከላል። ስለዚህ በሐምሌ የሚመረቅ ሰው አይነካውም። በጥር ለሚመረቁ ግን የአምናውን ልዩነት አምኖ መቀየር ያሳስታል።

ሰዓቱን አትርሱ። የአማርኛው «ከጠዋቱ 2፡30» ከሆነ የእንግሊዝኛው 8፡30 መሆን አለበት። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ካያችሁ አንዱ በእርግጠኝነት ተሳስቷል። ወላጅ ከይርጋለም ወይም ከአለታ ወንዶ በጠዋት ተነስቶ የሚመጣበት ሰዓት ነው።

ሁለተኛ ዙር፦ ፎቶ

ፎቶ ጠፋ ስንል ባዶ ሳጥን ብቻ ይመስለናል። ባዶ ሳጥን ቀላሉ ነው፤ ማንም ያየዋል። ከባዶ ሳጥን የሚከፉ ሁለት አሉ፤ ያለ የሚመስለው ፎቶና በሌላ ሰው ፎቶ የተሸፈነው።

ያለ የሚመስለውን ልጀምር። ገጹን በምናቀናብርበት ፕሮግራም፣ በኢንዲዛይን ላይ ፎቶ ስታስገቡ ዋናው ፎቶ ፋይሉ ውስጥ አይገባም። ፕሮግራሙ አድራሻውን ይይዝና ለማሳያ የሚሆን ደብዛዛ ምስል ያስቀምጣል። ዲዛይነሩ ፎቶዎቹን ከፍላሽ ላይ አስገብቶ ፍላሹን ነቅሎ ከሄደ፣ ስክሪኑ ላይ ፎቶው እንዳለ ነው የሚታየው። ፒዲኤፍ ሲወጣ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። በጥድፊያ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሳያነበው እሺ ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ የሚታተመው ያ ደብዛዛው ነው። በቢሮ ፕሪንተር፣ በ3 ሴንቲ ሜትር ፎቶ ላይ፣ ልዩነቱ ላይታይ ይችላል። በኦፍሴት ሲታተም ግን ፊቱ በጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስላል።

መፍትሔው ይህ ነው። Links የሚለውን ፓነል ክፈቱ። ከፎቶው ስም አጠገብ በቀይ ክብ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ካለ ፎቶው የለም ማለት ነው። ቢጫ ሦስት ማዕዘን ካለ ፎቶው ካስገባችሁት በኋላ ተቀይሯል ማለት ነው። ሁለቱም ዜሮ እስኪሆኑ ድረስ ፒዲኤፍ አይወጣም። ከዚያ File ውስጥ ገብታችሁ Package በሉ። ይህ ትእዛዝ ፋይሉን፣ ፎቶዎቹንና ፎንቶቹን በአንድ ፎልደር ይሰበስባቸዋል። ከዚያ ወዲያ ሥራው የሚቀጥለው በዚያ ፎልደር ብቻ ይሁን። ማተሚያ ቤቱ አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ የምትልኩት ይህንኑ ነው። 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሆኖ «ፎቶው የለም» የሚል ስልክ ከማተሚያ ቤት መቀበል ከባድ ነው።

በዚያው ፓነል ላይ ፎቶውን ስትመርጡ Effective PPI የሚል ቁጥር ይታያል። ፎቶው በተቀመጠበት መጠን ምን ያህል ጥራት እንዳለው ይነግራል። ለኅትመት 300 አካባቢ እንፈልጋለን። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ለሆነ የተመራቂ ፎቶ ይህ ወደ 350 በ470 ፒክስል ነው፤ ማንኛውም ስልክ ከዚያ በላይ ያነሳል። ችግሩ የሚመጣው ሙሉ ገጽ ላይ ነው። ኤ4 ገጽ ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ ፎቶ በወርዱ ብቻ 2480 ፒክስል ያስፈልገዋል። የግቢው ፎቶ በቴሌግራም በተራ ፎቶ መልክ ከተላከላችሁ ተጨምቆና አንሶ ነው የደረሰው። ላኪው እንደ ፋይል አድርጎ እንዲልክ ንገሩት። እኔ ከ200 በታች የሆነ የሰው ፎቶ አላስገባም፣ ሌላ አምጡ እላለሁ።

አሁን ወደ ገጽ 15 እንመለስ። እዚያ ባዶ ሳጥን አልነበረም፣ ደብዛዛ ፎቶም አልነበረም። Links ላይ ሁሉም ሰላም ነው። ነገር ግን ቆጠርን። መቁጠር ቀላል ሥራ ይመስላል፤ የሚይዘው ግን ብዙ ነው። ሦስት ቁጥሮች እኩል መሆን አለባቸው፦ በሬጅስትራሩ ዝርዝር ያሉት ስሞች፣ በፎልደሩ ያሉት የፎቶ ፋይሎች፣ በገጾቹ ላይ ያሉት ሳጥኖች። ከገጽ 12 እስከ 22 በየገጹ 12 ሳጥን፣ 11 ገጽ፣ በድምሩ 132። ዝርዝሩም 132። ፎልደሩ ግን 131 ነበር።

ሁለት ተመራቂዎች በስምም በአባት ስምም አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በአያት ብቻ ነው። ፎቶዎቹ የተሰየሙት በስምና በአባት ስም ነበር። ሁለተኛው ወደ ፎልደሩ ሲገለበጥ «ይተካ?» ተብሎ ተጠየቀ፤ ገልባጩም «ይተካ» አለ። አንደኛዋ ልጅ ጠፋች፣ ሁለተኛዋ ሁለት ቦታ ታየች። ገጽ 12 ላይና ገጽ 15 ላይ። በሦስት ገጽ ርቀት፣ ጋዋን ለብሳ፣ ቆብ አድርጋ ያለች ልጅን ደግማ መውጣቷን ማን ያስተውላል? ቁጥሩ ነው ያጋለጠው።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ፎቶ የምንሰይመው በስም አይደለም። በሬጅስትራሩ ዝርዝር ላይ ባለው ተራ ቁጥር ነው፦ 001፣ 002፣ እስከ 132። ቁጥር አይመሳሰልም። የጎደለም ካለ ወዲያው ይታያል፤ ከ046 ቀጥሎ 048 ከመጣ 047 የለም ማለት ነው።

ሆኖም ቁጥር የማይፈታው አንድ ነገር አለ። ፎቶው አለ፣ ጥራቱ ጥሩ ነው፣ ቁጥሩም ልክ ነው፣ ግን ከሥሩ ያለው ስም የጎረቤቱ ነው። እኛ ልጆቹን አናውቃቸውም። ስለዚህ እያንዳንዱን የፎቶ ገጽ አትመን ለየክፍሉ ተወካይ እንሰጣለን። ተወካዩ ፊቱንና ስሙን እያየ በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ ምልክት ያደርግና ከገጹ ሥር ይፈርማል። ገጹን በሙሉ አይቶ «ልክ ነው» ማለት አይበቃም፤ አንድ ሳጥን፣ አንድ ምልክት። ሥራው 20 ደቂቃ አይፈጅም።

የቡድን ፎቶ ካለ «ከግራ ወደ ቀኝ» የሚለውን በጣታችሁ እየነካችሁ ቁጠሩ። ስድስት ስም ተጽፎ ሰባት ሰው ቆሞ ሊሆን ይችላል። ፎቶው ተገልብጦ እንደሆነም እዩ። ከጀርባ ያለው ባነር ፊደሉ ወደ ኋላ ከተጻፈ፣ ግራና ቀኙም ተገላብጧል።

ሦስተኛ ዙር፦ ፊደል

እንግሊዝኛ ሲሳሳት ኮምፒዩተሩ በቀይ ያሰምርበታል። ለአማርኛ በተለመዱት የዲዛይን ፕሮግራሞች ላይ እንዲህ ያለ ረዳት አናገኝም። ስለዚህ ዐይን፣ ጆሮና ጥቂት ብልሃት ነው ያለን።

መጀመሪያ የአጻጻፍ ስምምነት አድርጉ። አንድ ግማሽ ገጽ ይበቃል። ዓመት ወይስ አመት? ሥራ ወይስ ስራ? ኃላፊ ወይስ ሀላፊ? የከተማችን ስም ራሱ ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ እየተባለ ይጻፋል። አንድ መጽሔት ውስጥ ሦስቱም ከታዩ አንባቢ ግዴለሽነት ነው የሚለው። እኔ ለተቋሙ ስም የምከተለው የራሱን የደብዳቤ ራስጌ ነው። እነሱ በ«ሐ» ከጻፉት በ«ሐ»፣ በ«ሀ» ከጻፉት በ«ሀ» ይሆናል፤ የእኔ ምርጫ አይጠየቅም። ለቀረው ጽሑፍ ደግሞ አንዱን መርጦ መጽናት ነው። ከዚያ ያልመረጣችሁትን በ Ctrl+F ፈልጉ። «ሀዋሳ» ከመረጣችሁ «ሐዋሳ» እና «አዋሳ» ብላችሁ ፈልጉ።

ስታስተካክሉ ግን Change All የሚለውን አትንኩ። አንድ ጊዜ «ስራ» የሚለውን ሁሉ «ሥራ» አድርግልኝ ብዬ አዘዝኩ። ፕሮግራሙ እንደታዘዘው አደረገ። እስራኤል የሚባል ተመራቂ «እሥራኤል» ሆኖ ወጣ። የሰው ስም ለእኛ ስምምነት አይገዛም። ኃይሉ በ«ኃ» ከተመዘገበ በ«ኃ»፣ በ«ሀ» ከተመዘገበ በ«ሀ» ነው። ማመሳከሪያው ማህተም ያለበት ዝርዝር ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እያያችሁ ቀይሩ።

አሁን ወደ ገጽ 3። የገጹ ርዕስ «የከብር እንግዳው መልእክት» ይል ነበር። «የክብር» መሆን ሲገባው። በትልቅ ፊደል፣ በወርቃማ ቀለም፣ በገጹ አናት ላይ። ሦስት ሰው አልፎታል። ትልቅ ፊደልን ሰው እንደ ጌጥ ነው የሚያየው፣ አያነበውም። ስለዚህ በፊደል ዙር መጀመሪያ የማነበው ርዕሶችን ብቻ ነው። ከሽፋን እስከ ጀርባ፣ ሌላውን ሳልነካ፣ ጮክ ብዬ።

«ክ» እንዴት «ከ» ሆነ? አብዛኞቻችን የምንጽፈው በድምፅ በሚሠራ ኪቦርድ ነው። ተነባቢውን ብቻ ስንነካ ሳድሱ ይመጣል፤ አናባቢ ስንጨምር ወደ ሌላው ይቀየራል። ጣት አንዲት አናባቢ ከጨመረች ወይም ከዘለለች ክ ከ ይሆናል፣ ች ቸ ይሆናል፣ ን ነ ይሆናል። ቅርጻቸውም ይቀራረባል። እኔ ባረምኳቸው ሥራዎች ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ይህ የግዕዝና የሳድስ መለዋወጥ ነው። «ወላጆቻችን» «ወላጆቻቸን» ይሆናል። «ተመራቂዎች» «ተመራቂዎቸ» ይሆናል። በተለይ የቃል መጨረሻ ላይ ይደበቃል፣ ምክንያቱም ዐይን ወደሚቀጥለው ቃል ሄዷል። ማስመሪያ ይዞ የቃላትን መጨረሻ እያዩ መሄድ ይረዳል።

ለስም ዝርዝር ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ የሬጅስትራሩን ወረቀት ይዞ ያነባል፣ ሌላው መጽሔቱን ይከተላል። እኔ ይህን የተማርኩት ፊደል በማረም ካረጁ አንድ ጋሼ ነው። ስም ሲያነቡ ፊደሉንም ይሉ ነበር፦ «ፀሐይ፣ በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ።» ስንሰማቸው ጊዜ የሚፈጅ ይመስለን ነበር። ግን ጆሮ ሀ፣ ሐ እና ኀን አይለይም። ፊደሉ በስሙ ካልተጠራ አድማጩ ያልፈዋል። 132 ስም እንዲህ ሲነበብ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በመሀል ቦታ ተቀያየሩ፤ ያነበበው ይከተል፣ የተከተለው ያንብብ። ማዕረግም አብሮ ይነበብ። አቶ፣ ወ/ሪት እና ዶ/ር የሚሉት ስም ሲገለበጥ ከላይኛው መስመር ይዘው ይወርዳሉ።

ሥርዓተ ነጥብም ላይ አንድ ፍለጋ አድርጉ። አንዳንዱ ጸሐፊ አራት ነጥብን እንደ አንድ ምልክት «።» ይጽፋል፤ ሌላው ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ «፡፡» ይነካል። ወረቀት ላይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፣ ግን ክፍተታቸው ይለያያል። «፡፡» ብላችሁ ፈልጉና ወደ «።» ቀይሩ። ይህኛውን ባንዴ ብትቀይሩትም ስም አይበላሽም።

ከደንበኛ የመጣ ጽሑፍ በድሮ የግዕዝ ፕሮግራም የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። ዩኒኮድ ያልሆነ ጽሑፍ አማርኛ የሚመስለው በራሱ ፎንት ሲታይ ብቻ ነው። ፎንቱ ሲቀየር የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ሙሉው አንቀጽ ሲበላሽ ይታያል። መሀል ላይ ያለች አንዲት ቃል ብቻ ስትበላሽ ግን ታመልጣለች።

ከእርማት በኋላ

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። ስህተቶቹ ተገኙ፣ ዲዛይነሩ አስተካከለ፣ ሁሉም ደስ አለው፣ ፋይሉ ተላከ። እርማት ግን ራሱ ስህተት ይወልዳል። አንድ ቃል ሲጨመር መስመር ይገፋል፣ መስመሩ የፎቶውን መግለጫ ወደሚቀጥለው ገጽ ያወርዳል፣ ወይም የአንቀጹ መጨረሻ ከሳጥኑ ውጭ ወጥቶ ይጠፋል። ስለዚህ እርማት የነካውን ገጽ ሙሉ በሙሉ አትሙትና ከድሮው ወረቀት ጋር ጎን ለጎን አድርጉት። በድሮው ላይ በቀይ ያሰመራችሁትን አንድ በአንድ አጥፉ። ከዚያ ቀይ ያልነካውን የገጹን ክፍል ደግሞ እዩ፤ መስመሮቹ በነበሩበት ቦታ ነው የሚያልቁት? የገጹ የመጨረሻ ቃል ያው ነው? የመጨረሻው ቃል ከተለወጠ በመሀል አንድ ነገር ተንቀሳቅሷል።

የሚላከውን ፒዲኤፍ በአክሮባት ከፍታችሁ Ctrl+D ተጫኑ፣ Fonts የሚለውን እዩ። ከእያንዳንዱ ፎንት አጠገብ Embedded ወይም Embedded Subset መባል አለበት። የማይል ካለ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ፊደሉ ካሬ ካሬ ሊሆን ይችላል። ሌላው ቀላል ፈተና ፒዲኤፉን ዲዛይን በማይሠራ ሰው ስልክ ላይ ከፍቶ ማየት ነው። የእናንተ ኮምፒዩተር ፎንቶቹ ስለተጫኑበት ይደብቅላችኋል፤ ስልኩ አይደብቅም።

የገጹ ብዛት ለ4 መካፈሉንም እዩ። በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት አንድ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ነው። የእኛ 24 ነው፣ ይካፈላል። በመጨረሻ ሰዓት አንድ የማስታወቂያ ገጽ ብንጨምር 25 ሆኖ ሦስት ባዶ ገጽ ይጠይቃል።

ከማተሚያ ቤቱ ፕሩፍ፣ ማለትም የሙከራ ኅትመት፣ ሲመጣ የሚፈርመው ደንበኛው ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ ላይ፣ ከነቀኑ። ያቺ የኮሌጁ ተወካይ ስትመጣ ሽፋኑን አስቀድሜ ሰጠኋት፣ ደብዳቤውንም ከጎኑ አስቀመጥኩ። ጣቷን «ቅዳሜ» ላይ፣ ከዚያ «12» ላይ አደረገች፣ ከዚያ ወደ ደብዳቤው ወሰደችው። ገጽ 12ና 15ን ራሷ ገልጣ ሁለቱን ልጆች አየቻቸው። ከዚያ ፈረመች።

ማሽኑ ሲነሳ የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ቀለም እስኪስተካከል ይጣላሉ። ከሚጣሉት አንዱን ጠይቃችሁ ውሰዱ። ሽፋኑን፣ አንድ የፎቶ ገጽና የመሀሉን ገጽ ከተፈረመው ፕሩፍ ጋር አስተያዩ። 500 ኮፒ ከመውጣቱ በፊት ማሽኑን ማስቆም የሚቻልበት የመጨረሻው ሰዓት ይህ ነው።